ረጅም የሥራ ኢሜይልን ለስልክ ንባብ የማሳጠር አሠራር

በኮምፒዩተር ላይ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሦስት ወይም አራት መስመር ቢይዝ ነው፤ አንባቢው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚያየው የጠፋበትን ሐሳብ ዐይኑን መለስ አድርጎ ያገኘዋል። በስልክ ስክሪን ግን አንድ መስመር የሚይዘው፣ እንደ ስልኩ ስፋትና አንባቢው እንደ መረጠው የፊደል መጠን፣ ከ25 እስከ 35 ገደማ ፊደላትን ብቻ ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተር ላይ አራት መስመር የነበረው ጽሑፍ በስልክ ላይ አሥራ ሁለት መስመር ይሆናል። በአማርኛ ደግሞ ማሰሪያ ግሡ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ጉዳዩ ጥያቄ ይሁን ማስታወቂያ፣ ስብሰባው ይካሄድ ወይም ይቅር፣ አንባቢው የሚያውቀው አሥራ ሁለቱንም መስመር ከወረደ በኋላ ነው። በዚህ የተነሣ ለስልክ ማሳጠር ማለት በዋናነት ግሡን ወደ አንባቢው ማቅረብ ማለት ነው፤ የቃላቱ ቁጥር መቀነስ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ነው።

ይህ መመሪያ አንድ ኢሜይል ይዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳጥራል። ኢሜይሉ አንድ የሥልጠና አስተባባሪ ለሠራተኞች ሊጽፈው የሚችል የለውጥ ማስታወቂያ ነው፤ ስሕተት የለበትም፣ ጨዋ ነው፣ የሚያስፈልገውን መረጃም ሁሉ ይዟል። እንዲህ ይላል፦

«ከዚህ ቀደም በላክነው መልእክት ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በሁለተኛ ፎቅ በሚገኘው የስብሰባ አዳራሽ እንደሚካሄድ ያሳወቅናችሁ የአዲሱ የመረጃ አያያዝ ሥርዓት ሥልጠና አዳራሹ በእድሳት ላይ በመሆኑ ምክንያት ወደ ረቡዕ ተዛውሮ በተመሳሳይ ሰዓት በአራተኛ ፎቅ በሚገኘው የሥልጠና ክፍል የሚሰጥ መሆኑን እየገለጽን፣ ሁላችሁም ላፕቶፖቻችሁን ይዛችሁ እንድትገኙና በሥልጠናው ላይ መገኘት የማትችሉ ደግሞ ተተኪያችሁን ከቅርብ ኃላፊያችሁ ጋር ተነጋግራችሁ በመወሰን ስሙን እስከ ዓርብ 10 ሰዓት ድረስ ለዚህ ኢሜይል በሚሰጥ ምላሽ እንድታሳውቁን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ይህ 67 ቃላት ያሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በአንድ መስመር 30 ፊደላት በሚይዝ ስልክ ላይ አሥራ ሁለት መስመር ገደማ ይወስዳል፤ ማሰሪያ ግሡ «እንጠይቃለን» የሚገኘውም በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ከዚህ የከፋው ጉዳት ግን ከላይ በኩል ያለው ነው። አንባቢው መጀመሪያ የሚያየው ቀን ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ የተሰረዘው ቀን ነው። ስልኩን በእጁ ይዞ በመንገድ ላይ የሚያነብ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አይቶ «ሥልጠናው ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው» ብሎ ስልኩን ቢዘጋው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ጽሑፉ የጊዜውን ቅደም ተከተል ተከትሎ፣ የቀድሞውን አስቀድሞ አዲሱን አስከትሎ ስለ ተጻፈ የመጣ ጥፋት ነው።

ደረጃ 1፦ ከመቁረጥ በፊት ዘርዝሮ ማውጣት

ዓረፍተ ነገሩን ወዲያውኑ መቁረጥ አይጀመርም። መጀመሪያ በውስጡ ያሉት መልእክቶች በሌላ ወረቀት ላይ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው መስመር፣ በተራ አነጋገር ይወጣሉ። ከምሳሌያችን የሚወጡት እነዚህ ናቸው፦ ሥልጠናው ወደ ረቡዕ ተዛውሯል፤ ሰዓቱ 3 ነው፤ ቦታው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ላፕቶፕ መያዝ ያስፈልጋል፤ የማይመጣ ሰው ተተኪ ይመርጣል፤ የተተኪው ስም እስከ ዓርብ 10 ሰዓት ይላካል፤ የሰኞው ፕሮግራም ቀርቷል፤ ምክንያቱ የአዳራሹ እድሳት ነው።

ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ አንድ ምልክት ይደረጋል። አንባቢው በዚህ መልእክት የተነሣ አንድ ነገር የሚያደርግ ወይም የሚተው ከሆነ መስመሩ «ተግባር» ተብሎ ይመዘገባል፤ ካልሆነ «ማብራሪያ» ይባላል። በምሳሌያችን ውስጥ ንጹሕ ማብራሪያ የሆነው የእድሳቱ ጉዳይ ብቻ ነው። የሰኞው መቅረት መጀመሪያ ሲታይ ማብራሪያ ይመስላል፤ ነገር ግን የቀድሞውን መልእክት ብቻ ያስታወሰ ሰው ሰኞ ተነሥቶ እንዳይመጣ የሚያደርገው እርሱ ስለሆነ ተግባር ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት ገና ዓረፍተ ነገሩ ሳይነካ መታየት አለበት፤ ዝርዝሩ ሳይወጣ የሚያሳጥር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው ረጅም የመሰለውን ሐረግ ነው፣ ረጅም የመሰለው ሐረግ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ዋናው ነው።

ደረጃ 2፦ ዓረፍተ ነገሩን በግሦቹ ላይ መቁረጥ

የአማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር በዘፈቀደ አይረዝምም። የሚረዝመው ሊጨርስ የነበረው ግሥ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ግሥ ሲያሻግር ነው። ስለዚህ የሚቆረጥበትን ቦታ ለማግኘት ግሦቹን አንድ በአንድ ማስመርና የትኛው እንዳልጨረሰ ማየት ይበቃል። በምሳሌያችን ውስጥ የሚያሻግሩት ግሦች በሦስት መልክ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው መልክ «እየገለጽን፣» የሚለው ነው። ይህ በሥራ ደብዳቤ ውስጥ እጅግ የተለመደ መሻገሪያ ሲሆን፣ ለመቁረጥም ከሁሉም የቀለለ ነው። ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ማስታወቂያ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ጥያቄ ስለሆነ ሁለቱ ምንም ሳይጎዱ ይለያያሉ። «የሚሰጥ መሆኑን እየገለጽን፣» የሚለው «ይሰጣል።» ሆኖ ይዘጋል።

ሁለተኛው መልክ «ተዛውሮ»፣ «ተነጋግራችሁ»፣ «ይዛችሁ» በሚሉት ዐይነት ቦዝ ግሦች የሚመጣው ነው። እነዚህ ሁሉ መቆረጥ አለባቸው ማለት ስሕተት ይሆናል። መለያው ይህ ነው፦ ቦዙና ተከታዩ ግሥ የየራሳቸው ጊዜ፣ ቦታ ወይም ባለቤት ካላቸው ይቆረጣሉ፤ ሁለቱ አንድ ድርጊት ከሆኑ አብረው ይቀመጣሉ። «ወደ ረቡዕ ተዛውሮ በአራተኛ ፎቅ ይሰጣል» በሚለው ውስጥ መዛወሩ አንድ ዜና ነው፣ የሚሰጥበት ቦታ ሌላ ዜና ነው፤ ስለዚህ ይቆረጣል። «ላፕቶፖቻችሁን ይዛችሁ እንድትገኙ» የሚለው ግን አንድ ድርጊት ነው፤ «ላፕቶፖቻችሁን ያዙ። ተገኙ።» ብሎ መለየት ቋንቋውን ያደርቀዋል፣ አንባቢውም ምንም አያተርፍም። «ተነጋግራችሁ ወስኑ» የሚለውም እንዲሁ አንድ ላይ ይቆያል፤ ንግግሩና ውሳኔው በአንድ መቀመጫ የሚያልቁ ናቸውና።

ሦስተኛው መልክ በስሙ ፊት የሚከመረው «የ» ያለበት ግሥ ነው። በምሳሌያችን «ሥልጠና» የሚለው ስም የመጣው በሃያ አንደኛው ቃል ላይ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያሉት ቃላት ሁሉ የትኛው ሥልጠና እንደሆነ የሚገልጹ ናቸው። በኮምፒዩተር ላይ ዐይን ቶሎ ወደ ስሙ ስለሚደርስ ክምሩ ብዙም አይከብድም። በስልክ ላይ ግን አንባቢው ሦስት መስመር ሙሉ ስለምን እንደሚነገረው ሳያውቅ ይወርዳል። መፍትሔው ስሙን ማስቀደምና ገላጩን፣ ካስፈለገ ብቻ፣ የራሱ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ማስከተል ነው፦ «የአዲሱ የመረጃ አያያዝ ሥርዓት ሥልጠና ወደ ረቡዕ ተዛውሯል።» አጭር ገላጭ፣ ለምሳሌ «በአራተኛ ፎቅ በሚገኘው» የሚለው፣ ሁለትና ሦስት ቃል ስለሆነ ባለበት ቢቀር አያስቸግርም።

ከተቆረጠ በኋላ የሚመጡ ሁለት ጉዳቶች አሉ፤ ሁለቱንም ቆም ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል። አንደኛው የባለቤት መጥፋት ነው። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በራሱ ውስጥ ስለሚይዝ፣ ሲቆረጥ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጸሐፊው ያውቃል፣ አንባቢው ግን ላያውቅ ይችላል። «አስተባባሪው ሰነዱን ለኃላፊው ልኮ፣ ኃላፊው ሲፈርምበት ለሠራተኞቹ ያሰራጫል» የሚለውን በችኮላ ስንቆርጠው «አስተባባሪው ሰነዱን ለኃላፊው ይልካል። ይፈርምበታል። ለሠራተኞቹ ያሰራጫል።» ሊሆን ይችላል። አሁን የሚፈርመው ማን ነው? የሚያሰራጨውስ? አንባቢው አስተባባሪው ሁሉንም ያደርጋል ብሎ ቢያስብ ሰዋስው ይፈቅድለታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ ባለቤቱ የተለወጠ ከሆነ ስሙ ተደግሞ ይጻፋል፦ «አስተባባሪው ሰነዱን ለኃላፊው ይልካል። ኃላፊው ይፈርምበታል። ከዚያ አስተባባሪው ለሠራተኞቹ ያሰራጫል።» ቃላቱ አልቀነሱም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ቢነበብ እንኳ ትክክል ነው። በምሳሌያችንም «ስሙን» የሚለው የማን ስም እንደሆነ፣ የተተኪው ወይስ የኃላፊው፣ ሲቆረጥ አሻሚ ስለሚሆን «የተተኪውን ስም» ተብሎ መጻፍ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉዳት የማያያዣ መጥፋት ነው። «በመሆኑ»፣ «ቢሆንም»፣ «ካልሆነ በስተቀር» የሚሉት ቃላት ሲወድቁ ምክንያት ከውጤቱ፣ ሕግ ከልዩ ሁኔታው ይለያያሉ። ምክንያቱ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ቢመጣ፣ ትስስሩ ከይዘቱ ግልጽ እስከሆነ ድረስ ጉዳት የለውም። ልዩ ሁኔታ ግን ከሕጉ ተለይቶ ሌላ አንቀጽ ውስጥ መውደቅ የለበትም። «ቅጹን እስከ ሐሙስ ያልሞሉ ተሳታፊዎች ቦታቸውን ያጣሉ» የሚለውን አንብቦ ስልኩን የዘጋ ሰው፣ ከታች «በሕመም ፈቃድ ላይ ያሉትን አይመለከትም» መባሉን ሳያይ ሊደነግጥ ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ልዩ ሁኔታውን ማስቀደም ይሻላል፦ «በሕመም ፈቃድ ላይ ካሉት በስተቀር፣ ቅጹን እስከ ሐሙስ ያልሞሉ ተሳታፊዎች ቦታቸውን ያጣሉ።» ዓረፍተ ነገሩ በጥቂት ቃላት ይረዝማል፤ መርዘሙም ተገቢ ነው።

ለዓረፍተ ነገር ርዝመት መለኪያ የሚፈልግ ሰው በስልክ ላይ ለሚነበብ የአማርኛ ኢሜይል ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ቃላት ያለውን ስፋት ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ይህም ወደ ሁለትና ሦስት የስልክ መስመር ይሆናል። ሃያ ቃላት የሚያልፍ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ውስጡ ስንት የማይጨርሱ ግሦች እንዳሉ ለማየት በቂ ምክንያት ነው። ሁለት ከሆኑ ሊያልፍ ይችላል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አንዱ ቦታ ላይ መዘጋት አለበት።

ደረጃ 3፦ ዜና የማይሸከሙ ቃላትን ማንሣት

ይህ ደረጃ ከመቁረጡ በኋላ ይመጣል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ትርፍ ቃላት የተጻፉት ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ለማያያዝ ስለነበር፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲቆረጥ ራሳቸው ሥራ ያጣሉ። «በመሆኑ ምክንያት» የሚለው «ስለሆነ» ይሆናል። «ለዚህ ኢሜይል በሚሰጥ ምላሽ» የሚለው «ለዚህ ኢሜይል በምላሽ» ይሆናል። «ከዚህ ቀደም በላክነው መልእክት ያሳወቅናችሁ» የሚለው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ መልእክቱ ቀደም ብሎ የደረሰው ሰው ያውቀዋል፣ ያልደረሰው ሰው ደግሞ ከዚህ ሐረግ የሚያገኘው ነገር የለም።

ልዩ ትኩረት የሚገባው በስምና በ«ማድረግ» ወይም «ማካሄድ» የሚሠራው ጥንድ ነው። «ክትትል እናደርጋለን» ከማለት «እንከታተላለን»፣ «ጥናት ይካሄዳል» ከማለት «ይጠናል» ማለት ይቻላል። በዚሁ አጋጣሚ ባለቤት የሌለውን አነጋገር መመርመር ይጠቅማል። «አስፈላጊው ክትትል እንዲደረግ ይደረጋል» የሚለው አራት ቃላት ወስዶ ማን እንደሚከታተል አይናገርም፤ «እኛ እንከታተላለን» ወይም «የሰው ኃይል ክፍሉ ይከታተላል» የሚለው አጭርም ነው፣ አንባቢው ወደ ማን መደወል እንዳለበትም ይነግረዋል።

ከትርፍ ቃላት ጋር አብረው መውጣት የሌለባቸው የአክብሮት ቃላት ናቸው። አጭር የአማርኛ ትእዛዝ በቶሎ ይጠነክራል። «ተተኪያችሁን ወስኑ። ስሙን ላኩ።» የሚለው በትልቅ ደብዳቤ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረውን ቁጣ የሚመስል ቃና ያጋልጣል፣ ጸሐፊው ምንም ባይቆጣም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳይሆን በሚጠየቅበት ቦታ አንድ ጊዜ «እባካችሁ» ወይም «እንጠይቃለን» ማኖር፣ «ላኩ» ከማለትም «ላኩልን» ማለት ይገባል። ለአንድ የበላይ ወይም ለማናውቀው ሰው ሲጻፍ ደግሞ «እርስዎ» የሚለው የአክብሮት መልክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይለዋወጥ መጠበቅ አለበት፤ ዓረፍተ ነገር ሲቆረጥ ግሦቹ እንደገና ስለሚጻፉ በአንዱ ቦታ «ይላኩልን»፣ በሌላው «ላክልን» ሆኖ የማምለጥ አደጋ አለ።

ደረጃ 4፦ ቅደም ተከተሉንና አንቀጾቹን ማደራጀት

አሁን በእጃችን ያሉት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀመጡ በመጀመሪያው ደረጃ የተደረገው ምልክት ይወስናል። ሁሉንም አንባቢ የሚመለከተው ተግባር ይቀድማል፣ ከፊሉን የሚመለከተው ይከተላል፣ ማብራሪያው ይደመድማል። በምሳሌያችን የቀኑ ለውጥና ላፕቶፑ ለሁሉም ነው፤ የተተኪው ጉዳይ ለማይመጡት ብቻ ነው። የሰኞው መቅረት ለሁሉም የሆነ ተግባር ቢሆንም፣ «ወደ ረቡዕ ተዛውሯል» የሚለው አስቀድሞ ስለሚናገረው ከምክንያቱ ጋር በመጨረሻ ይቀመጣል።

በስልክ ላይ አንድ አንቀጽ ከአራት እስከ ስድስት የስክሪን መስመር ቢሆን ዐይን ሳይጠፋ ይይዘዋል። ከስምንት መስመር ሲያልፍ ግራጫ ግድግዳ ሆኖ ስለሚታይ አንባቢው ማንበቡን ትቶ ማሰስ ይጀምራል። ይህ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ አንቀጽ ይሁን ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ባዶ መስመር ከተጨመረበት የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ አይታይም፤ የሚንከባለለውም ገጽ ይረዝማል። አንቀጽ የሚለየው አንባቢው ሲለወጥ ወይም ጉዳዩ ሲለወጥ ነው። በአንቀጾቹ መካከል አንድ ሙሉ ባዶ መስመር ይተዋል፤ የመጀመሪያውን መስመር ወደ ውስጥ ማስገባት በጠባብ ስክሪን ላይ ቦታ ከመውሰድ በቀር ጥቅም የለውም።

በዝርዝር ነጥብ መጻፍ የሚረዳው ሦስትና ከዚያ በላይ ተመሳሳይ ነገሮች ሲኖሩ ነው፤ ለምሳሌ ተሳታፊው ይዞ የሚመጣቸው አራት ሰነዶች ቢኖሩ። በዝርዝር ውስጥ ሌላ ዝርዝር ማስገባት ግን መወገድ አለበት፤ እያንዳንዱ እርከን ጽሑፉን ወደ ቀኝ ስለሚገፋው በስልክ ላይ በአንድ መስመር ሁለትና ሦስት ቃል ብቻ ይቀራል። ሠንጠረዥም እንዲሁ ከሁለት ዓምድ ካለፈ ወይ ይጠባል፣ ወይ ከስክሪኑ ይወጣል።

በዚህ መንገድ የተደራጀው ኢሜይል እንዲህ ይሆናል፦

«ውድ ባልደረቦች፣

የአዲሱ የመረጃ አያያዝ ሥርዓት ሥልጠና ወደ ረቡዕ ተዛውሯል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በአራተኛ ፎቅ በሚገኘው የሥልጠና ክፍል ይጀመራል። ላፕቶፖቻችሁን ይዛችሁ እንድትገኙ እንጠይቃለን።

መገኘት የማትችሉ ከሆነ እባካችሁ ተተኪያችሁን ከቅርብ ኃላፊያችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። የተተኪውን ስም እስከ ዓርብ 10 ሰዓት ድረስ ለዚህ ኢሜይል በምላሽ ላኩልን።

ሰኞ ሥልጠና አይኖርም፤ የስብሰባ አዳራሹ በእድሳት ላይ ነው።»

ከሰላምታው በቀር 51 ቃላት ነው። ከ67 ጋር ሲነጻጸር ቅናሹ ትልቅ አይደለም። የተለወጠው በግሥና በግሥ መካከል ያለው ርቀት ነው፦ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር 11 ቃላት ብቻ አለው፣ የመጀመሪያው ማሰሪያ ግሥ ደግሞ በስምንተኛው ቃል ላይ ይገኛል። አንቀጾቹ በ30 ፊደል መስመር ሲለኩ አራት፣ አራትና ሁለት መስመር ናቸው። ሰኞ የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ሄዷል፤ የሚገኘውም «አይኖርም» ከሚለው ግሥ በሁለት ቃል ርቀት ላይ ስለሆነ ሊያሳስት አይችልም። ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሰኞ ጋር ተያይዞ ስለ ተቀመጠ «ስለሆነ» የሚል ማያያዣ እንኳ አላስፈለገውም።

ደረጃ 5፦ ርዕሱንና የመጀመሪያውን መስመር ማስተካከል

አንባቢው ኢሜይሉን ከመክፈቱ በፊት በስልኩ ዝርዝር ውስጥ የሚያየው የላኪውን ስም፣ ርዕሱንና የመልእክቱን የመጀመሪያ ቃላት ነው። ርዕሱ ከአንድ የስልክ መስመር ካለፈ መጨረሻው ይቆረጣል፤ በአማርኛ ደግሞ የሚቆረጠው መጨረሻ ግሡ ያለበት ቦታ ነው። «የአዲሱ የመረጃ አያያዝ ሥርዓት ሥልጠና ጊዜና ቦታ ለውጥ መደረጉን ስለ ማሳወቅ» የሚል ርዕስ በዝርዝሩ ውስጥ «የአዲሱ የመረጃ አያያዝ ሥርዓት ሥልጠና» እስከሚለው ብቻ ሊታይ ይችላል፣ ይህም ምንም አልተለወጠም ብሎ ለማሰብ ያደርሳል። «ሥልጠናው ወደ ረቡዕ 3 ሰዓት ተዛወረ» የሚለው ክፍተቶቹን ጨምሮ 23 ፊደላት ብቻ ስለሆነ በአብዛኞቹ ስልኮች ሙሉ በሙሉ ይታያል። «ስለ ማሳወቅ» እና «ጉዳዩ» የሚሉት ቃላት በወረቀት ደብዳቤ ላይ ቦታቸው የታወቀ ነው፤ በኢሜይል ርዕስ ላይ ግን የግሡን ቦታ ይወስዱበታል።

ሰላምታውም አጭር መሆን አለበት። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን» የሚለው አክብሮት የሚገባው አነጋገር ቢሆንም በዝርዝሩ ውስጥ ለይዘቱ የተመደበውን መስመር ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ሰፊውን ሰላምታ ማስቀረት የማይቻልበት ግንኙነት ካለ ወደ መጨረሻ፣ ከስም በፊት፣ ማዛወር ይቻላል።

ደረጃ 6፦ በስልክ ላይ መሞከር

ጽሑፉ ለብዙ ሰው ከመላኩ በፊት ለራስ ተልኮ በስልክ ይነበባል። ስልኩ በቁም ይያዛል፣ የፊደል መጠኑም ከፍ ብሎ አንድ ጊዜ ይሞከራል፤ ብዙ አንባቢዎች ፊደላቸውን አተልቀው ያነባሉና። የሚፈለገው ጥያቄው ወይም ዜናው ጣት ሳያንከባልል በመጀመሪያው ስክሪን ላይ መታየቱ ነው። ካልታየ ወደ አራተኛው ደረጃ መመለስ እንጂ ተጨማሪ ቃላት መቁረጥ መፍትሔ አይሆንም።

በዚህ ሙከራ ላይ በኮምፒዩተር የማይታዩ ሁለት ብልሽቶች ይገኛሉ። ከፒዲኤፍ የተቀዳ ጽሑፍ በየመስመሩ መጨረሻ ላይ የተቆለፈ የመስመር መለያ ይዞ ይመጣል፤ በስልክ ላይ አንዱ መስመር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሁለት ቃል፣ ከዚያ እንደገና ሙሉ ሆኖ የተሸራረፈ መልክ ከታየ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔው በአንቀጹ ውስጥ ያሉትን መለያዎች አንድ በአንድ ማጥፋት ወይም አንቀጹን እንደገና መተየብ ነው። ሌላው ከአራት ነጥብ በፊት የሚተው ክፍተት ነው። ክፍተት ካለ ስልኩ መስመሩን በዚያ ላይ ሊሰብረው ስለሚችል «።» ብቻውን በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ይወድቃል፤ በጠባብ ስክሪን መስመሮች ብዙ ስለሆኑ ይህ በአንድ ኢሜይል ውስጥ ደጋግሞ ሊገጥም ይችላል። አራት ነጥብ ሁልጊዜ ከቃሉ ጋር ይጣበቃል፣ ክፍተቱ ከእርሱ በኋላ ይመጣል።

የማይቆረጥ ጽሑፍ

የውል ቃል፣ የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ወይም የተፈረመ ውሳኔ በኢሜይል ሲጠቀስ ቃሉ እንዳለ መቅረት አለበት። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በጸሐፊው እጅ ካጠረ ትርጉሙ ሊለወጥና ኃላፊነት ሊያስከትል ይችላል። ትክክለኛው አሠራር ሙሉውን ሰነድ በአባሪ ማያያዝና በኢሜይሉ ውስጥ አንባቢው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር መግለጽ ነው፤ ለምሳሌ «የተሻሻለው ደንብ ተያይዟል። የሚመለከታችሁ አንቀጽ 7 ነው። አስተያየታችሁን እስከ ማክሰኞ እንጠብቃለን።» የአባሪው ስም በኢሜይሉ ውስጥ ካለው አጠራር ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ሁለቱን በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ማየት ስለማይችል፣ የሚያስታውሰው ስሙን ብቻ ነው።